የባንዲራው ቀለም የት ቀረ?

የኢሜይል ኮከብ ሲነኩት ይበራል፣ ደግመው ሲነኩት ይጠፋል። ስለ አጠቃቀሙ ይህ ይበቃል። ጂሜይልና ተንደርበርድ ኮከብ ይሥሉታል፣ አውትሉክና አፕል ሜይል ደግሞ ባንዲራ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እኔን የሚማርከኝ ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ነው። ሰው «ስልኬ ላይ ያደረግሁት ምልክት ላፕቶፔ ላይ የለም» ብሎ የሚያማርረውም ብዙ ጊዜ ያንን ባለማየቱ ነው።

ስልክና ኮምፒውተር ከኢሜይል ሰርቨር ጋር የሚነጋገሩበት አይማፕ የሚባል ደንብ አለ። ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 ስታንፎርድ ሳለ ያወጣው ነው። በዚህ ደንብ መልእክቱ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ሲሆን፣ ሰርቨሩ በየመልእክቱ ላይ ጥቂት ምልክቶችን ይይዛል፦ ተነቧል፣ መልስ ተሰጥቶበታል፣ ረቂቅ ነው፣ ይሰረዝ፣ ባንዲራ አለው። ስልካችሁ ላይ ኮከቡን ስትነኩ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ የቀሩት ሁለቱ የሰርቨሩ መልስ ናቸው፦

```
a3 STORE 12 +FLAGS (\Flagged)
* 12 FETCH (FLAGS (\Seen \Flagged))
a3 OK STORE completed
```

«አሁን በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ያለው 12ኛ መልእክት ላይ ባንዲራ ጨምር» ማለት ነው። ሰርቨሩም «ተነቧል፣ ባንዲራም አለው» ብሎ ያረጋግጣል። እዚህ ውስጥ ቀለም የለም። ቀጠሮ ቀን የለም። ለምን እንደተሰቀለም አልተጻፈም። `\Flagged` የምታውቀው «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው።

ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ክፍል የምትሠራ የማውቃት ሴት አለች። አይፎኗ ላይ ክፍያ የሚጠብቁትን ፕሮፎርማዎች ቀይ፣ የተከፈሉትን አረንጓዴ ባንዲራ ትሰጣለች። ቢሮ ገብታ ተንደርበርድ ስትከፍት የተከፈለውም ያልተከፈለውም ያው አንድ ዓይነት ኮከብ ሆኖ ይጠብቃታል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሥራዬን አበላሸው እኮ» አለችኝ።

«ኧረ እኅቴ፣ ምንም አልተበላሸም። ቀለሙን ተንደርበርድ አያነበውም እንጂ።»

አፕል ለቀለሙ የራሱን ዘዴ አበጅቷል። ከባንዲራው ጎን `$MailFlagBit0`፣ `$MailFlagBit1` እና `$MailFlagBit2` የሚባሉ ሦስት ተጨማሪ ቃላትን መልእክቱ ላይ ይለጥፋል። አንዳቸውም ከሌሉ ቀይ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ካለ ብርቱካናማ፣ ሁለተኛው ብቻ ካለ ቢጫ፤ እንዲህ እያለ በሦስት ቃላት ሰባቱን ቀለማት ያወጣል። ብልሃቱ ያምራል። ችግሩ በዚህ ቋንቋ አፕል በአብዛኛው ከራሱ ጋር ብቻ መነጋገሩ ነው። አብዛኛው ሌላ ፕሮግራም ባንዲራውን አይቶ የቀሩትን ቃላት ያልፋቸዋል። አውትሉክ ላይ የሚሰጠው የቀጠሮ ቀንም፣ ጂሜይል በኮምፒውተር ላይ የሚያቀርባቸው ባለብዙ ቀለም ኮከቦችም ዕጣቸው ይኸው ነው፤ በአይማፕ ሲሻገሩ ተራ ባንዲራ ይሆናሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ቀለሙ በሁለት የአፕል መሣሪያዎች መካከልም ይጠፋል። ያኔ ተጠያቂው ሰርቨሩ ነው። ፎልደር ሲከፈት ሰርቨሩ በቋሚነት የሚይዛቸውን ምልክቶች እንዲህ ዘርዝሮ ያስታውቃል፦

```
* OK [PERMANENTFLAGS (\Answered \Flagged \Deleted \Seen \Draft \*)]
```

የመጨረሻዋን `\*` አትናቋት። «አዲስ ቃል ብታመጡልኝም እመዘግባለሁ» ማለቷ ነው። እሷ ከሌለች ሰርቨሩ የማያውቀውን ቃል አይቀበልም፣ ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ይረሳዋል። ስልኩ ላይ አረንጓዴ የነበረው ላፕቶፑ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

ወደ ፎልደርና ሌብል ስንመጣ ግን ሰውን መቆጣት ያምረኛል። በተራ የአይማፕ ሰርቨር ላይ መልእክት የሚኖረው በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው። «ክፍያ» ወደሚል ፎልደር ኮፒ ስታደርጉት ሁለተኛ መልእክት ተወለደ ማለት ነው። በኮፒው ሰዓት የነበረውን ባንዲራ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ ፕሮፎርማውን ባንዲራ ሰጥታ ኮፒ አደረገችው እንበል። ክፍያው ሲያልቅ «ክፍያ» ውስጥ ባንዲራውን ታነሳለች። ኢንቦክስ ውስጥ ያለው ግን እንደተሰቀለ ነው፤ ባልደረባዋ አይቶት አቅራቢው ገና አልተከፈለውም ብሎ ያስባል። መሣሪያዎቹ አልተጣሉም፣ መልእክቶቹ ሁለት ስለሆኑ ነው።

የጂሜይል ሌብል ከዚህ ይለያል። መልእክቱ አንድ ነው፤ ሌብሎቹ እንደ ጋቢ ጥለት ከላዩ የሚታዩ ናቸው። «ክፍያ» እና «ጅቡቲ» የሚሉ ሁለት ሌብሎች ቢኖሩት በአንዱ በኩል ገብታችሁ ኮከቡን ብታጠፉ በሌላውም ጠፍቷል። ሌብሉን ራሱን ብትሰርዙ መልእክቱ ይቀራል፤ በሌላው ሰርቨር ግን ፎልደሩን ብትሰርዙ በውስጡ ያለውን ይዞ ይሄዳል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ጂሜይልን በተንደርበርድ ስትከፍቱ ነው፤ ሌብሎቹ ፎልደር መስለው ይደረደራሉ። «ሁለት ቦታ ተደግሟል» ብላችሁ አንዱን ለማጽዳት ከመቸኮላችሁ በፊት እባካችሁ የምታዩት ያው አንድ መልእክት መሆኑን አስቡ።

መዘግየትም አለ። ሰርቨሩ ለውጥን ወዲያው የሚያሳውቀው መሣሪያው ለሚጠባበቅበት ፎልደር ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢንቦክስ። ሌላ ፎልደር ውስጥ የተሰቀለ ባንዲራ ሌላኛው መሣሪያ ላይ የሚታየው ያ ፎልደር ሲከፈት ወይም በየጊዜው ሲፈተሽ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ኢሜይሉን በብራውዘር ክፈቱት፤ እዚያ የሚታየው ሰርቨሩ ላይ ያለው ነው። ባንዲራው እዚያ ካለ የዘገየው ተቀባዩ መሣሪያ ነው፤ ከሌለ የሰቀለው መሣሪያ አልላከውም። ፈጽሞ የማይልክ ከሆነ ደግሞ የአካውንቱን ቅንብር ከፍታችሁ የገቢ መልእክት ፖርቱን እዩ። 993 አይማፕ ነው። 995 ከሆነ ፖፕ ላይ ናችሁ፤ ፖፕ መልእክት ማውረድ እንጂ ባንዲራ የሚባል ነገር አያውቅም። ኮከቡ ከዚያ ኮምፒውተር አይወጣም።

አንድ የቢሮ አድራሻን ሦስት ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል ሲከፍቱ ደግሞ ባንዲራው የሦስቱም ነው፤ አንዱ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሲያወርደው የሁሉም ወረደ። «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ከምትል ባንዲራ ይልቅ እንዲህ ላሉ ሰዎች የተንደርበርድ ታግ ይሻላል፤ እሱም ሰርቨሩ ላይ በቃል ይጻፋል፣ `$label1` እስከ `$label5` እየተባለ። ስሙና ቀለሙ ግን የሚቀመጡት በየኮምፒውተሩ ነው። አንዷ `$label2`ን «ክፍያ» ብላ ብትሰይመው ባልደረባዋ ስክሪን ላይ አሁንም `Work` ነው የሚለው። ስለዚህ ስሙን በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ አንድ በአንድ መለወጥ ይኖርባቸዋል።