የባትሪው መሐል ስንት ዲግሪ ነው?

የኤሌክትሪክ መኪና ጠፍጣፋ ባትሪ ሲሠራ ሙቀት የሚፈጠረው በመላ አካሉ ውስጥ ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ባትሪ በኪዩቢክ ሜትር 40,000 ዋት እኩል ያመነጫል፣ በሁለቱም ፊቱ ላይ ደግሞ 25 ዲግሪ የሆነ አየር ይነፍስበታል እንበል።

ሁለቱ ፊቶች እኩል ስለሚቀዘቅዙ ሙቀቱ ከመሐል ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ፊት የሚያስወጣው የራሱን 5 ሚሊሜትር ሙቀት ነው፤ በካሬ ሜትር 200 ዋት። አየሩ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር 20 ዋት ከወሰደ፣ ነገሩ ሲረጋጋ ገጹ ከአየሩ በ10 ዲግሪ ይበልጣል። 35 ዲግሪ ማለት ነው።

መሐሉስ? የሚመነጨው ሙቀት በግማሽ ውፍረት ስኩዌር ይባዛና ለሙቀት አስተላላፊነቱ እጥፍ ይካፈላል። አስተላላፊነቱ በሜትር በዲግሪ 0.5 ዋት ከሆነ ልዩነቱ 1 ዲግሪ ነው፤ መሐሉ 36 ይሆናል።

ማራገቢያው ቢጠነክር ገጹም መሐሉም ይቀዘቅዛሉ፤ በመካከላቸው ያለችው 1 ዲግሪ ግን አትነካም። እሷን የሚወስነው የሚመነጨው ሙቀት፣ ውፍረቱና ቁሱ ነው።

አደጋው አንዱ ፊት ሲደፈን ነው። ያኔ ሙቀቱ ሁሉ በአንድ በኩል ለመውጣት 10 ሚሊሜትር ያቋርጣል፤ ክፍቱ ፊት 45፣ የተደፈነው 49 ዲግሪ ይደርሳል። በሁለቱ ፊቶች ላይ ያሉት ቴርሞሜትሮች እኩል ካላነበቡ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው የአየሩ መንገድ ነው።