ከከፍታ ካርታ ወደ ተፋሰስ፦ ጉድጓድ ከመሙላትዎ በፊት

ከደምበጫ በስተሰሜን፣ በፈረስ ቤት መንገድ በኩል፣ አንጀኒ የሚባል 113 ሄክታር ገደማ የሆነ ትንሽ ተፋሰስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ጎርፉና ጎርፉ የሚወስደው አፈር ሲለካበት የኖረ የምርምር ቦታ ነው። ወሰኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ተፋሰስን በኮምፒውተር ማውጣት ለሚማር ሰው ጥሩ መፈተኛ ይሆናል።

ሥራው የሚጀምረው ከከፍታ ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 አንዲት የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካችው ከፍታ ዛሬ በነጻ ይገኛል። መሬቱ ጎንና ጎኑ 30 ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ካሬ አንድ የከፍታ ቁጥር ይይዛል። አንጀኒ ማለት እንግዲህ 1,250 ያህል ካሬ ነው።

ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ካሬ የሚወርደውን ውኃ፣ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ ቁልቁለቱ ወደሚበረታበት ይሰደዋል። ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ጎረቤቶች ከፍ ብለው ሲገኙ ነው። ዛፍ ባለበት ቦታ ራዳሩ ብዙ ጊዜ የለካው ዛፉን እንጂ መሬቱን አይደለም። ስለዚህ በጠባብ ሸለቆ ዳር ያለ ባሕር ዛፍ በካርታው ላይ ወንዙን እንደ ግድብ ይዘጋዋል። ካሬው 2,412፣ ከጎረቤቶቹ ዝቅተኛው 2,415 ሜትር ቢሆን ውኃው እዚያው ይቀራል፤ ጅረቱም ይቆረጣል። መፍትሔው ካሬውን ውኃው መፍሰስ እስከሚችልበት ከፍታ፣ እዚህ 2,415 ድረስ፣ መሙላት ነው።

ሁሉም ጉድጓድ ግን ስሕተት አይደለም። ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲሄዱ አስፋልቱ አጠገብ የሚያገኙት የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ የሚወጣ ወንዝ የሌለው እውነተኛ ጉድጓድ ነው። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም። እስከ ጠርዙ ሞልቶ፣ በዝቅተኛው ከንፈር አሳልፎ፣ የሐይቁን ተፋሰስ ከማያገኘው ወንዝ ጋር ያገናኘዋል። እንዲህ ያለውን ሐይቅ ቁጥር አልባ አድርጎ መተው ይሻላል፤ ብዙ መሣሪያዎች ያንን እንደ መውጫ ይቆጥሩታልና።

ከሙሌቱ በኋላ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ስንት ካሬ ውኃውን እንደሚያወርድ ይቆጠራል። ጅረት የሚባለው ስንት ሲሞላ ነው? ይህን የሚወስነው ሠሪው ነው። አንጀኒ ላይ 1,000 ቢሉ ከመውጫው አጠገብ ያለች ቁራጭ ብቻ ትቀራለች። 100 ቢሉ፣ ማለትም 9 ሄክታር ገደማ፣ ገባሮቹም ብቅ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠሩት እርከኖች ግን በ30 ሜትር ካሬ ስለማይታዩ ውኃውን ወደ ጎን ቢመልሱም ካርታው አያሳያቸውም።

በመጨረሻ የመውጫውን ነጥብ ያስቀምጣሉ። ነጥቡ ከጅረቱ አንድ ካሬ ቢስት ከ113 ሄክታር ይልቅ የጥቂት ካሬ ቁራጭ ይወጣል፤ ስሕተቱ ወዲያው የሚለየውም በዚህ ነው።

ሙሌቱ ያመጣው ስሕተት ግን እንዲህ ወዲያው አይለይም። ስለዚህ ከሞሉ በኋላ የመጀመሪያውን ካርታ ከተሞላው ይቀንሱ። ልዩነቱ ብዙ ሜትር የሆነበትን ቦታ ሁሉ ተፋሰሱን ከማስመርዎ በፊት በሳተላይት ምስል ይመልከቱ፤ ከቻሉም ቦታው ድረስ ሄደው ይዩት።