በሁለት ሱቅ መካከል ያለ ዕቃ፦ የስቶክ ሶፍትዌር ሲመረጥ ምን ይታያል?

አንድ ሱቅ መርካቶ፣ ሌላ ሱቅ ደግሞ ገርጂ ያላትን የመዋቢያ ዕቃዎች ነጋዴ እናስብ። የመርካቶው ሱቅ በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል፤ የገርጂው ችርቻሮ ብቻ ነው። አስመጪው ዕቃውን የሚያራግፈው መርካቶ ስለሆነ ገርጂ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ከዚያ ይላካል። አንድ ሱቅ ብቻ በነበራት ጊዜ ደብተር ይበቃት ነበር፤ የጎደለውን መደርደሪያውን አይታ ታውቀዋለች። ሁለተኛው ሱቅ ሲከፈት ደብተሩ ሁለት ሆነ፤ እሷ ግን በአንድ ጊዜ መገኘት የምትችለው አንዱ ጋ ብቻ ነው።

አሁን ሶፍትዌር ልትገዛ ነው። ሻጮቹ የሚያሳዩዋት ሁሉ ያምራል፤ ባለቀለም ግራፍ፣ የቀን ሽያጭ ሪፖርት፣ በስልክ የሚታይ ማጠቃለያ። እነዚህ በሁሉም ሶፍትዌሮች ላይ ማለት ይቻላል ስላሉ አንዱን ከሌላው ለመለየት አይረዱም። የሁለት ሱቅ ባለቤት መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ዕቃ ከአንዱ ሱቅ ወጥቶ ሌላው እስኪደርስ ባለው ጊዜ ሶፍትዌሩ ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጠው ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። መርካቶ 10 ካርቶን ሻምፑ አለ። በካርቶን 24 ፍሬ ስለሆነ 240 ፍሬ ማለት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ 3 ካርቶን፣ ማለትም 72 ፍሬ፣ ወደ ገርጂ ተጫነ። ብዙ ርካሽ ሶፍትዌሮች ዝውውርን በአንድ እርምጃ ይጨርሱታል፤ መርካቶ ያለው ሠራተኛ ‹አዛውር› የሚለውን ሲጫን የመርካቶ ስቶክ ወዲያው 168፣ የገርጂ ደግሞ 72 ይሆናል። ዕቃው ግን ገና መኪና ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ገርጂ ሲራገፍ 70 ፍሬ ብቻ ተገኘ እንበል። ሶፍትዌሩ 72 ብሎ ስለመዘገበ ተረካቢዋ የምትፈርምበት ቦታ የለም፤ ጉድለቱን ብታይም የምታስገባበት መስመር የላትም። ሁለቱ ፍሬ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ነው። ያኔ መርካቶ ሲጫን ጎድሎ ይሁን፣ መንገድ ላይ ተሰብሮ ይሁን፣ ወይስ ገርጂ ከመደርደሪያ ጠፍቶ ይሁን ማንም ሊለይ አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬው የሚያርፈው ቆጠራው ጉድለት ባሳየበት ሱቅ ሠራተኛ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ በደል ነው።

ጥሩው ሶፍትዌር ዝውውርን በሁለት እርምጃ ይሠራዋል። ላኪው 72 ሲያወጣ መርካቶ 168 ይሆናል፣ ገርጂ ግን እንደነበረ ይቆያል፤ 72ቱ ‹በመንገድ ላይ› በሚል ሦስተኛ ቦታ ይቀመጣል። ሦስቱ ሲደመሩ አሁንም 240 ነው። ተረካቢዋ ቆጥራ 70 ብላ ስታስገባ ገርጂ 70 ያገኛል፤ የቀሩት 2 ፍሬዎች ማን እንደላከ፣ ማን እንደተረከበና በስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፎባቸው ክፍት ልዩነት ሆነው ይታያሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፤ ዕቃ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19፣ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው፤ ያወጣውና የተረከበው እያንዳንዳቸው ይፈርማሉ። ከሶፍትዌሩ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ሶፍትዌር ይህን ችሎታ ይዞ ሳለ ዘግቶት ይመጣል። ለምሳሌ ኦዱ ላይ በሴቲንግ ገጹ ውስጥ Storage Locations እና Multi-Step Routes የሚሉት ምርጫዎች አሉ፤ ካልተከፈቱ ተጠቃሚው ሶፍትዌሩ ይህን የማይችል ይመስለዋል። ስለዚህ ሻጩን ‹ይችላል ወይ?› ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ‹እኔ ፊት 72 ላክና 70 ተረከብ› ማለት ነው የሚሻለው። የቀሩት ሁለቱ የት እንደገቡ ስክሪኑ ላይ ካልታየ ሌላውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ኢንተርኔትና መብራት ነው። ‹ያለ ኢንተርኔት ይሠራል› የማይል ሻጭ የለም። ጥያቄው መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ሱቆች የያዙትን እንዴት ያዋህዳሉ የሚለው ነው። ገርጂ ያለው ታብሌት መስመር ሲጠፋበት ከአንድ ቅባት 12 ፍሬ እንዳለው ያውቃል። ሠራተኛዋ 3 ሸጠች፤ ታብሌቱ ላይ 9 ቀረ። በዚያው ሰዓት አንድ አቅራቢ 20 ፍሬ በቀጥታ ገርጂ አራገፈ፤ ባለቤቷም መርካቶ ሆና ከስልኳ መዘገበችው። ዋናው ሰርቨር ላይ የገርጂ ስቶክ 32 ሆነ። አሁን መስመሩ ተመለሰ። ታብሌቱ የሚልከው ‹ቀሪው 9 ነው› የሚል ከሆነ የገባው 20 ፍሬ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ ማንም ሳይነካው ጠፋ ማለት ነው። የሚልከው ‹3 ተሽጧል› የሚል ከሆነ ግን 32 ሲቀነስ 3፣ ትክክለኛው 29 ይመጣል። ቀሪን የሚልክና እንቅስቃሴን የሚልክ ሶፍትዌር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት መስመር ጠፍቶ ሲመለስ ብቻ ነው።

ይህንን ከመግዛት በፊት ለመፈተን ሁለት ስልክ በቂ ነው። የአንዱን ዋይፋይና ዳታ ዘግቶ ሦስት ዕቃ መሸጥ፣ በሌላኛው ለዚያው ሱቅ ሃያ ገቢ ማድረግ፣ ከዚያ መልሶ መክፈትና ቁጥሩን ማየት። በአሳሽ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ መስመር ሲጠፋ ገጹን አድሶ መሞከር ጥሩ ነው፤ ባዶ ገጽ ከመጣ የዚያን ሰዓት ሽያጭ ወረቀት ላይ መጻፍ ግድ ይሆናል። ማንኛውም ሶፍትዌር ሊያልፈው የማይችለው ወሰንም አለ። ገርጂ መስመር ካልነበራት መርካቶ አሁን የቀረውን ልታውቅ አትችልም። ስለዚህ የሌላው ሱቅ ቁጥር ሲታይ ‹እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ያለ መረጃ ነው› የሚለውን አብሮ የሚያሳይ ሶፍትዌር ይመረጣል። ያን ሰዓት የማያሳይ ከሆነ ሠራተኛዋ የትናንቱን ቁጥር አይታ ‹መርካቶ አለ፣ ሂዱ› ብላ ደንበኛ ትልካለች።

ሦስተኛው ካርቶንና ፍሬ ነው። ነጋዴዋ በካርቶን ገዝታ በደርዘንም በፍሬም ትሸጣለች። ሶፍትዌሩ ‹1 ካርቶን 24 ፍሬ ነው› ብሎ ለዕቃው አንድ ጊዜ ካሰረው ለጊዜው ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው አስመጪው በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ሻምፑ 20 ፍሬ በያዘ ካርቶን ሲያመጣ ነው። 5 ካርቶን ገቢ ሲደረግ መዝገቡ 120 ይላል፤ በእጅ ያለው 100 ነው። የሌሉ 20 ፍሬዎች ተፈጠሩ፤ ቆጠራ ሲመጣ ደግሞ ጉድለት ተብለው ይጻፋሉ። ስለዚህ ለአንድ ዕቃ ከአንድ በላይ የካርቶን መጠን መያዝ የሚችል፣ ስቶኩን ግን ሁልጊዜ በትንሹ መለኪያ፣ በፍሬ የሚያስቀምጥ መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የእኛ የራሳችን ጉዳይ አለ። መርካቶ ያለው ልጅ ‹የፀጉር ቅባት› ብሎ ሲመዘግብ ገርጂ ያለችው ‹የጸጉር ቅባት› ብላ ብትፈልግ ብዙ ሶፍትዌር ‹የለም› ይላታል፤ እሷም እንደ አዲስ ዕቃ ትመዘግበዋለች። አንዱ ዕቃ ሁለት መዝገብ ይኖረዋል፤ አንዱ ሱቅ የተትረፈረፈ፣ ሌላው ያለቀበት መስሎ ይታያል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲፈለጉ እንደ አንድ የሚያይ ሶፍትዌር ካለ በጣም ጥሩ ነው። ከሌለ ዕቃው በስም ሳይሆን በባርኮድ ወይም በራስ ኮድ እንዲፈለግና አዲስ ዕቃ መመዝገብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

የመግዣ ዋጋ ጉዳይም ችላ አይባልም፤ በተለይ ዋጋ በየጭነቱ በሚለዋወጥበት ንግድ። በ180 ብር የተገዛ 40 ፍሬ ቀርቶ ሳለ 100 ፍሬ በ230 ብር ገባ። የድሮው 7,200፣ አዲሱ 23,000፣ ሲደመር 30,200 ብር ለ140 ፍሬ ነው፤ አማካዩ ወደ 216 ብር ይሆናል። ነጋዴዋ በ220 ብትሸጥ ሶፍትዌሩ የድሮውን ዋጋ ከያዘ 40 ብር አተረፍሽ ይላታል፤ የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ከያዘ 10 ብር ከሰርሽ ይላታል፤ በአማካይ ከሄደ 4 ብር ነው። የትኛውን ስሌት መከተል እንዳለባት ከሒሳብ ባለሙያዋ ጋር ትወስናለች። ሶፍትዌሩ ግን እያንዳንዱ ጭነት የገባበትን ዋጋ ማስቀመጥ አለበት። ዕቃው ወደ ገርጂ ሲዛወርም ያ ዋጋ አብሮት መሄድ አለበት። የተዛወረን ዕቃ በዜሮ ዋጋ የሚያስገባ ሶፍትዌር የገርጂን ሽያጭ በሙሉ ትርፍ አድርጎ ያሳያል፤ ባለቤቷም የሚከስረውን ሱቅ አትራፊ ነው ብላ ታስፋፋለች።

ቁጥር የመቀየር ሥልጣንን በተመለከተ አጭር ፈተና አለ። በገንዘብ ተቀባይ ስም ገብቶ ትናንት የተሸጠ አንድ ዕቃ ለመሰረዝ መሞከር። ከተሰረዘና ምንም ምልክት ካልቀረ ሶፍትዌሩ መወሰድ የለበትም። ትክክለኛው አሠራር የመጀመሪያውን ሽያጭ እንዳለ ትቶ የሚሽር ሌላ መስመር ከምክንያቱ፣ ከሰዓቱና ከሰውየው ስም ጋር መጨመር ነው። ይህ ባለቤቷን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛ ሠራተኛንም ይጠብቃል።

‹ዕቃ እያለቀ ነው› የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለየሱቁ ለብቻ መሆን አለበት። ለገርጂ 12 ፍሬ ሲቀር ማስጠንቀቅ በቂ ሊሆን ይችላል፤ በጅምላ ለሚሸጠው መርካቶ ግን 12 ፍሬ ግማሽ ካርቶን ነው። ጥሩው ሶፍትዌር ገርጂ ሲያልቅ ‹ግዢ› ከማለቱ በፊት መርካቶ ያለውን አይቶ ‹ዝውውር› ይላል።

ተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ የተመዘገበ ነጋዴ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑንም ማሰብ አለበት። ሶፍትዌሩ ከማሽኑ ጋር ካልተገናኘ ሠራተኛው እያንዳንዱን ሽያጭ ሁለት ጊዜ ያስገባል፤ ሱቁ ሲጨናነቅ አንዱን መተው ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚተወውም ስቶኩ ነው። ሻጩ ‹ይገናኛል› ካለ በሁለቱም ሱቆች ካሉት ማሽኖች ሞዴል ጋር አገናኝቶ ደረሰኝ አውጥቶ ያሳይ።

ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር ይቀራል። ክፍያው በሱቅ ነው፣ በተጠቃሚ ነው ወይስ በመሣሪያ የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለአንድ ሱቅ የተነገረ ዋጋ ለሁለት ሲሆን እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሻጩ ጋር መለያየት ቢመጣ የዕቃ ዝርዝሩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ዕቃ እንቅስቃሴ፣ ዝውውሩና የገባበት ዋጋ ጭምር ወደ ኤክሴል መውጣት እንዲችልም ያስፈልጋል። በሙከራው ሳምንት ከየሱቁ ሃያ ያህል እውነተኛ ዕቃ ተመዝግቦ ፋይሉ ይውጣና ይከፈት፤ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከወጣ ወይም የዝውውሩ መስመር ከሌለበት ሻጩ ክፍያ ሳይቀበል እንዲያስተካክለው ይደረግ።