የፍሬን ሸራው ስንት ሚሊ ሜትር ቀረው?

በብዙ የትራንስፖርት ድርጅቶች የሚሠራበት የመኪና መፈተሻ ቅጽ ተመሳሳይ ነው። በግራ በኩል ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ ዘይት፣ መሪ እየተባለ ይዘረዘራል፤ በቀኝ በኩል «ደህና» እና «ብልሽት አለው» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይሰመራሉ። ወሩ ሲያልቅ ሠላሳውም ቀን «ደህና» ሥር ምልክት ተደርጎበት ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ቁጭታ መሞላቱ ያስታውቃል። ሹፌሩን መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን ቅጹ የጠየቀው ምልክት ብቻ ስለሆነ የሚያገኘውም ምልክት ብቻ ነው። «ፍሬኑ ደህና ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው መልሱን ሳያይም ሊሰጥ ይችላል። «የአየር መለኪያው ስንት ያነባል?» ከተባለ ግን ቢያንስ ጋቢና ገብቶ መለኪያውን ማየት አለበት።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ጎጃም የሚሄድ ተሳቢ ያለው መኪና እንውሰድ። መኪናው ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ጭነቱን እንደያዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ፍሬኑን የሚያምነው ከመነሣቱ በፊት በተደረገው ፍተሻ ልክ ነው።

ስለዚህ የዕለቱ ቅጽ ስለ ፍሬን ሲጠይቅ የሚሠራውን ነገር ደረጃ በደረጃ ቢጽፍ ይሻላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ጎማው በታኮ ይያዛል፤ አየሩ እስኪሞላ ይጠበቅና ሞተሩ ይጠፋል። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዛል። ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉ፤ በመጀመሪያው እግሩ ፔዳሉ ላይ ካረፈ በኋላ የተነበበው፣ በሁለተኛው ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተነበበው ይጻፋል። ለአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው ፈተና ተሳቢ ላለው መኪና የሚፈቀደው ቅናሽ 0.3 ባር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ረዳቱ በመኪናውና በተሳቢው ዙሪያ እየሄደ ጆሮውን ከሰጠ ብዙ ጊዜ ፉጨቱን ይሰማዋል። ፍተሻው አጭር ነው፤ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ግን ነገ ከሚጻፉት ጋር ይነጻጸራሉ። ዛሬ 0.1፣ በሳምንቱ 0.2 ከሆነ መኪናው ገና ወሰኑን ሳያልፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል።

ከዕለቱ ቅጽ ቀጥሎ የጥገና መዝገቡ ይመጣል። ይህ የጋራዡ ነው፤ ለእያንዳንዱ ታርጋ አንድ ደብተር ወይም በኤክሴል አንድ ገጽ ይበቃዋል። ገጹ የሚመራው በቀን ሳይሆን በኪሎ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ሸራን የሚበላው የሄደበት መንገድ እንጂ የቆመበት ወር አይደለምና።

እንበል አንድ መኪና ቆጣሪው 240,000 ላይ ሲደርስ ሁሉም ሸራዎች በአንድ ላይ ተለክተው 16 ሚሊ ሜትር ሆነው ተመዘገቡ። 250,000 ላይ እንደገና ሲለኩ አብዛኞቹ 14 ሆነዋል። የኋላው ግራ 10 ነው፤ የኋላው ቀኝ ግን እዚያው 16 ላይ ነው። «ደህና» ብቻ በሚጻፍበት ቅጽ ሦስቱም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም 16ቱ ከሁሉ የተሻለ ይመስላል። መዝገቡን የሚያነብ መካኒክ ግን ሁለት ብልሽት ያያል።

የግራው 6 ሚሊ ሜትር የተበላው እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ሸራው ከታምቡሩ ስለማይላቀቅ ሊሆን ይችላል። የመመለሻው ሞላ ደክሞ ወይም ሸራውን የሚገፋው ዘንግ ዝጎ ይሆናል። ድርጅቱ የሚቀየርበትን ወሰን 8 ሚሊ ሜትር ካደረገ የቀረው 2 ብቻ ነው፤ በዚህ አበላል 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢወስደው ነው። ቀጣዩን 10,000 ሰርቪስ መጠበቅ የለም ማለት ነው። የቀኙ ደግሞ ያልተበላው ስለማይሠራ ነው። ሸራው በግራሶ ርሶ ይንሸራተታል፣ ወይም ከታምቡሩ ርቆ ጨርሶ አይደርስበትም፤ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ጎማዎች ተሸክመውለታል። ማረጋገጫው ከጉዞ መልስ ነው። ቁልቁለት ከተወረደ በኋላ ታምቡሮቹ ሁሉ ሲግሉ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ጎማ አልያዘም፤ ፍሬን ብዙም ባልተያዘበት ሜዳ ላይ አንዱ ብቻ ከጋለ ደግሞ እየያዘ ነው የሄደው። ሙቀቱ የሚታወቀው በርቀት በሚያነብ ቴርሞሜትር ወይም እጅን አጠገቡ በማድረግ ነው፤ መንካት ያቃጥላል።

ብልሽት ሲገኝ ቅጹ ሦስት ሰው ማስፈረም አለበት። ብልሽቱን ያየው ሹፌር ይጽፋል፤ መካኒኩ የሠራውን ጽፎ ይፈርማል፤ መኪናውን ቀጥሎ የሚረከበው ሹፌር አንብቦ ይፈርማል። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብም ይህን ሰንሰለት ይጠይቃል። መካኒኩ «ተስተካክሏል» ብሎ ብቻ ከጻፈ መዝገቡ ምንም አልያዘም፤ ምን እንደቀየረና ከሠራ በኋላ ልኩ ስንት እንደሆነ መጻፍ ይገባዋል። ያው ብልሽት በተለያዩ ሹፌሮች እጅ ሦስት ጊዜ ሲመለስ መንሥኤው እንዳልተነካ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በእኔ እምነት ብዙ ቅጾች የሚጎድላቸው ግን ሌላ መስመር ነው፦ መኪናውን የሚያቆመው ማን ነው? ሹፌሩ አበሉን የሚያገኘው በጉዞ ከሆነ ብልሽት መጻፍ ከኪሱ ያወጣል፤ ስምሪት ክፍሉም ጭነት እየጠበቀው «ደርሰህ ስትመለስ ይሠራል» ይላል። ስለዚህ ከብልሽቱ ጎን ውሳኔው አብሮ ይጻፍ፦ ይቁም፣ እዚህ ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ይሂድ፣ ወይም እስከ ሰርቪስ ይጠበቅ። የወሰነው ሰው ስሙን ይጻፍ። የአየር መውረድና የመሪ መላላት ለድርድር ስለማይቀርቡ «ይቁም» የሚለው ቀድሞ ቅጹ ላይ ቢታተም ሹፌሩም ከክርክር ይድናል።

ተሳቢውን ብዙ ድርጅቶች ይረሱታል። የራሱ ታርጋ ስላለው የራሱ መዝገብም ይገባዋል። ዛሬ ከአንዱ መኪና ጋር፣ ነገ ከሌላው ጋር ይቀጠላል፤ ጥገናው በጎተተው መኪና ደብተር ላይ ከተጻፈ ታሪኩ በአምስት ደብተር ተበታትኖ ይቀራል። በዚያ ላይ አብዛኛው ተሳቢ ቆጣሪ የለውም። መፍትሔው ሲቀጠልና ሲፈታ የጎታቹን ቆጣሪ መጻፍ ነው። 251,200 ላይ ተቀጥሎ 253,000 ላይ ከተፈታ ተሳቢው 1,800 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ይህ በተሳቢው ገጽ ላይ ከቀድሞው ድምር ጋር ይደመራል። ይህን ሥራ የሚሠራው ጋራዡ ሳይሆን በር ላይ ያለው የስምሪት ጸሐፊ ቢሆን ይሻላል፤ ተሳቢው ሲወጣም ሲገባም የሚያየው እሱ ነው።