አማዞን የሚያተርፈው ከየትኛው ክፍሉ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2023 አማዞን 574.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ 84 በመቶው የመጣው ኩባንያው ከሚታወቅበት ንግድ ነው፤ ደንበኛው በስልኩ አዝዞ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚቀበልበት። ቀሪው 16 በመቶ የኤደብሊውኤስ ነው። ይህ ክፍል ለኩባንያዎችና ለመንግሥታት የኮምፒውተር አቅም ያከራያል። ሽያጩን ብቻ የተመለከተ ሰው አማዞንን ነጋዴ ይለዋል። ትርፉን የተመለከተ ግን ሌላ ኩባንያ ያያል፤ ከ36.9 ቢሊዮን ዶላር የሥራ ትርፍ ውስጥ 24.6 ቢሊዮኑን ያስገኘው ያ 16 በመቶ የሚሸጠው ክፍል ነውና። የሥራ ትርፍ የሚባለው ከሽያጩ ላይ የዕቃ መግዣው፣ ደመወዙ፣ ማጓጓዣው፣ የመሣሪያው እርጅናና የመሳሰለው ወጪ ተቀንሶ፣ ወለድና ግብር ግን ገና ሳይነካ የሚቀረው ገንዘብ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ለማግኘት የውስጥ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። አክሲዮናቸው በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ የአገሪቱ ኩባንያዎች በየዓመቱ 10-K የሚባል ሪፖርት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስገባሉ፤ ማንም በነፃ ሊያነበው ይችላል። ሪፖርቱ ረጅም ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው የአስተዳደሩ ትረካም ብዙ ጊዜ የሚያጎላው ኩባንያው እንዲታይለት የሚፈልገውን ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚፈለገው ገጽ ያለው ወደ መጨረሻው ግድም፣ ከሂሳብ መግለጫዎቹ በኋላ በሚመጡት ማብራሪያዎች ውስጥ ነው። ስለ ሥራ ክፍሎች የሚናገረው ማብራሪያ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደሸጠ፣ ምን ያህል ወጪ እንዳወጣና ምን እንደቀረው ያሳያል።

ኩባንያው ክፍሎቹን እንዳሻው አይሸነሽንም። የአሜሪካ የሂሳብ አያያዝ ደንብ አውጪ ቦርድ በ1997 ባወጣው ደረጃ መሠረት መለኪያው አስተዳደሩ ራሱ ኩባንያውን ከውስጥ የሚያይበት መንገድ ነው። ዋና ውሳኔ ሰጪው፣ ብዙውን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ፣ ገንዘብና ሰው ሲመድብ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርቡለት የክፍል ሪፖርቶች ናቸው ለባለሀብቱም የሚወጡት። ከጠቅላላው ሽያጭ፣ ትርፍ ወይም ንብረት ቢያንስ አሥር በመቶ የሚደርስ ክፍል ለብቻው መታየት አለበት። ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ስምንተኛው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃም የተቀረጸው በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ የሚያስገድደውም አክሲዮናቸው ወይም ቦንዳቸው በገበያ የሚሸጥ ድርጅቶችን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ደረጃው ለአገር ውስጥ አንባቢም የቅርብ ጉዳይ ሆኗል።

ደንቡ ክፍተት የለውም ማለት ግን አይደለም። ኤደብሊውኤስ አገልግሎቱን የጀመረው በ2006 ሲሆን፣ አማዞን ውጤቱን ለብቻው ያሳየው በሚያዝያ 2015 ነው። እስከዚያ ድረስ ኩባንያው የሚያቀርበው ሁለት ክፍሎችን ብቻ ነበር፦ ሰሜን አሜሪካና ሌላው ዓለም። የኮምፒውተር ኪራዩ “ሌሎች” በሚል መስመር ከማስታወቂያና ከክሬዲት ካርድ ስምምነቶች ጋር ተደባልቆ ተቀምጦ ነበር። የገበያ ተንታኞች የሽያጩን መጠን ከዚያ መስመር መገመት ቢችሉም ትርፍ ይኑረው አይኑረው የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ዋጋውን ደጋግሞ ስለሚቀንስ ኪሳራ ውስጥ ነው የሚሉ ጥቂት አልነበሩም። መጋረጃው ሲነሳ ክፍሉ በ2015 የመጀመሪያ ሦስት ወራት 1.57 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ 265 ሚሊዮን ማትረፉ ታወቀ። መላው ኩባንያ በቀደመው ዓመት 241 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ኪሳራ ማሳየቱን ያስታወሰ ገበያ በማግስቱ የአክሲዮኑን ዋጋ 14 በመቶ ግድም ሰቀለው። በሥራው ላይ በአንድ ሌሊት የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ሠንጠረዡ ነው።

የ2023ን ማብራሪያ ይዞ ስሌቱን መሥራት ቀላል ነው። ሰሜን አሜሪካ 352.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ 14.9 ቢሊዮን አተረፈ። ሌላው ዓለም 131.2 ቢሊዮን ሸጦ 2.7 ቢሊዮን ከሰረ። ኤደብሊውኤስ 90.8 ቢሊዮን ሸጦ 24.6 ቢሊዮን አተረፈ። የእያንዳንዱ ትርፍ ለሽያጩ ሲካፈል፣ ሰሜን አሜሪካ ከሸጠው መቶ ዶላር አራት ዶላር ከሃያ ሳንቲም ያህል ይቀረዋል፤ ኤደብሊውኤስ ሃያ ሰባት ዶላር። በሌላው ዓለም ደግሞ በየመቶ ዶላሩ ሁለት ዶላር ይጎድላል። ስለዚህ ኤደብሊውኤስ አሥር ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሽያጭ ቢያገኝና ይኸው ምጣኔ ቢጸና፣ የሰሜን አሜሪካው ንግድ ያንኑ ትርፍ ለማስገኘት ከስድሳ ቢሊዮን በላይ መሸጥ ይኖርበታል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያሰላው ክፍሉ ከጠቅላላው ትርፍ ያለውን ድርሻ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በ2023 የኤደብሊውኤስ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነበር። በ2022 ግን ሁለቱ የንግድ ክፍሎች በድምሩ ከአሥር ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለከሰሩ፣ 22.8 ቢሊዮን ያተረፈው ኤደብሊውኤስ ከ12.2 ቢሊዮን ጠቅላላ ትርፍ 186 በመቶ “ድርሻ” ይደርሰዋል። ከሙሉው የሚበልጥ ድርሻ ትርጉም የለውም። ኪሳራ ያለበት ክፍል ሲኖር የሚጠቅመው የዶላሩን መጠን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በተቃራኒው በ2024 ድርሻው ወደ 58 በመቶ ወረደ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ክፍሉ ተዳከመ ሊል ይችላል፤ ትርፉ ግን ከ24.6 ወደ 39.8 ቢሊዮን ዘልሏል። ድርሻው የቀነሰው የሰሜን አሜሪካው ንግድ ወደ 25 ቢሊዮን ስላደገና ሌላው ዓለም ከኪሳራ ስለወጣ ነው።

በዚያው ማብራሪያ ውስጥ ሁለተኛ ሠንጠረዥ አለ፤ ሽያጩን በአገልግሎት ዓይነት ይከፋፍላል። በ2023 አማዞን ራሱ በኢንተርኔት የሸጠው ዕቃ 231.9 ቢሊዮን፣ በመድረኩ ለሚሸጡ ሌሎች ነጋዴዎች የሰጠው አገልግሎት 140.1 ቢሊዮን፣ ማስታወቂያ 46.9 ቢሊዮን ዶላር ተመዝግቧል፤ የአባልነት ክፍያና ሌሎች ትናንሽ መስመሮችም አሉ። እነዚህን መስመሮች እርስ በርስ ማወዳደር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሬ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ የበሬውን ሙሉ ዋጋ ሽያጭ ብሎ ይመዘግባል፤ ገዢና ሻጭ የሚያገናኝ ደላላ ግን የሚመዘግበው የድለላውን ብቻ ነው። አማዞን በመጀመሪያው መስመር ነጋዴ፣ በሁለተኛው ደላላና ባለመጋዘን ነው። የሌሎቹ ነጋዴዎች ዕቃ በቁጥር ከግማሽ በላይ ሆኖ ሳለ መስመሩ ያነሰ የሚመስለው ኮሚሽኑና የማከማቻ፣ የማሸጊያና የማድረሻ ክፍያው ብቻ ስለሚቆጠር ነው።

የዚህ ሠንጠረዥ ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ሽያጭ ይነግራል እንጂ ትርፍ አይነግርም። ጉዳቱ የሚከፋው ማስታወቂያው ላይ ነው። ሻጮች ዕቃቸው በፍለጋ ውጤት ከፍ ብሎ እንዲታይ የሚከፍሉት ይህ ገንዘብ ራሱን የቻለ ክፍል አልተደረገም፤ ወጪውም ትርፉም በሰሜን አሜሪካና በሌላው ዓለም ክፍሎች ውስጥ ተቀብሯል። ቢሆንም ከታወቁት ቁጥሮች አንድ ነገር ማውጣት ይቻላል። በ2023 የሁለቱ የንግድ ክፍሎች የተጣመረ ትርፍ 12.2 ቢሊዮን ነው። ይህ ከማስታወቂያው 46.9 ቢሊዮን ሽያጭ 26 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ማስታወቂያው ከየመቶ ዶላሩ ከሃያ ስድስት በላይ የሚያስቀር ከሆነ፣ የቀረው ንግድ፣ ማለትም መደብሩ፣ መጋዘኑ፣ የማድረሻ መኪናውና አባልነቱ በአንድነት፣ ከስሯል ማለት ነው። ማስታወቂያ ዕቃ የማይገዛለትና መኪና የማይነዳለት ሥራ በመሆኑ ከዚያ በላይ ያስቀራል ብሎ መገመት ድፍረት አይደለም።

ይሁንና “እውነተኛው አትራፊ ማስታወቂያ ነው፤ መደብሩ ሸክም ነው” ወደሚል ድምዳሜ መሮጥ አይገባም። ሻጩ ለማስታወቂያ የሚከፍለው ሸማቹ እዚያ ስላለ ነው፤ ሸማቹን ያመጣው ደግሞ በትንሽ ትርፍ ወይም በኪሳራ የሚሠራው መደብር ነው። የሁለቱ ወጪ በእርግጥ የጋራ ነው፤ ለየትኛው ስንት ይቆጠር የሚለው ጥያቄ በሂሳብ ብቻ አይፈታም። ኤደብሊውኤስ ከዚህ ይለያል፤ ደንበኞቹ፣ መሣሪያዎቹና ዋጋው የራሱ ናቸው፤ መደብሩ ነገ ቢዘጋ አብዛኛው ሥራው ይቀጥል ነበር። የክፍል ትርፍ አስተማማኝ የሚሆነው ክፍሉ ከሌሎቹ ተነጥሎ መቆም በሚችልበት መጠን ነው።

የተለዩት ክፍሎች ትርፍም ቢሆን ከአስተዳደሩ ምርጫ ነፃ አይደለም። በ2015 ኤደብሊውኤስ ያተረፈው በመጀመሪያው ሪፖርት 1.86 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን አማዞን ለሠራተኞቹ በአክሲዮን የሚከፍለውን በየክፍሉ ወጪ ላይ መደመር ጀመረ፤ ያው የ2015 ትርፍ እንደገና ሲቀርብ 1.51 ቢሊዮን ሆኖ ተገኘ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የሰርቨሮች የአገልግሎት ዘመን ከአምስት ወደ ስድስት ዓመት እንዲቆጠር ተወሰነ። በዓመቱ የሚያዘው የእርጅና ቅናሽ በዚህ ወረደ፤ የትርፉ ዕድገት የተወሰነው ክፍል የመጣው ከዚህ እንጂ ከደንበኛ አይደለም። ዓመታትን የሚያነጻጽር አንባቢ የድሮውን ቁጥር ከድሮው ሪፖርት ማንሳት የሌለበት ለዚህ ነው፤ የክፍሎቹ መለኪያ ሲለወጥ አዲሱ ሪፖርት ያለፉትን ሁለት ዓመታት በአዲሱ መለኪያ አስተካክሎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። እንደ ሰርቨሮቹ የአገልግሎት ዘመን ያለ ግምት ሲለወጥ ግን ያለፉት ዓመታት አይስተካከሉም፤ ለውጡ በአንዲት አጭር አንቀጽ ብቻ ይገለጻል።

በማብራሪያው መጨረሻ ያሉት የንብረት ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ ሳይነበቡ ይታለፋሉ፤ የሚነግሩት ግን ቀላል አይደለም። በ2023 ኤደብሊውኤስ 24.6 ቢሊዮን ዶላር ሲያተርፍ፣ ለራሱ የዳታ ማዕከላትና መሣሪያዎች የጨመረው ንብረት 24.8 ቢሊዮን ነበር። የእርጅና ቅናሹ የጥሬ ገንዘብ ወጪ ስላልሆነ ክፍሉ በዚያ ዓመት ባዶ እጁን ቀርቷል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የኩባንያው ዋና አትራፊ የኩባንያው ዋና ገንዘብ ፈላጊም መሆኑን ያሳያል። ከመቶ ዶላር ሽያጭ ሃያ ሰባት ዶላር የሚያስቀረው ሥራ ያንን ለመቀጠል የሚፈልገው ንብረት ከዓመት ዓመት ከትርፉ ቀድሞ የሚያድግ ከሆነ፣ ሠንጠረዡ የሚያሳየው የትናንቱን ኢንቬስትመንት ፍሬ ነው፤ የዛሬው ኢንቬስትመንት ፍሬ የሚታወቀው የእርጅና ቅናሹ በሚቀጥሉት አምስትና ስድስት ዓመታት ሪፖርቶች ላይ እየተቆጠረ ሲመጣ ነው።