ዳዮድ የማያሳልፈውን ትንሽ ሞገድ መለካት

ጫፉ 20 ሚሊቮልት የሆነ ተለዋዋጭ ሞገድ በተራ የሲሊከን ዳዮድ አቅንተን ለመለካት ብንሞክር ቆጣሪው ዜሮ ላይ ይቀራል። ዳዮዱ በደንብ ማስተላለፍ የሚጀምረው 0.6 ቮልት አካባቢ ነውና።

መፍትሔው ዳዮዱን በኦፕ-አምፕ የግብረ መልስ መስመር ውስጥ ማስገባት ነው። ኦፕ-አምፑ ሁለቱን መግቢያዎቹን እኩል ለማድረግ ሲጥር ዳዮዱ የሚወስደውን 0.6 ቮልት ከራሱ መውጫ ይጨምራል። የማጉላት አቅሙ 100,000 እጥፍ ከሆነ፣ ያ ጉድለት መግቢያው ላይ 6 ማይክሮቮልት ብቻ ይሆናል።

በተለመደው ባለሁለት ኦፕ-አምፕ ወረዳ የመጀመሪያው አዎንታዊውን ግማሽ ብቻ ገልብጦ ያወጣል፤ ለአሉታዊው ዜሮ ይሰጣል። ሁለተኛው ይህን ውጤት እጥፍ አድርጎ ከዋናው ሞገድ ጋር ይደምርና ድምሩን ይገለብጣል። መግቢያው +20 ሲሆን፣ −40 እና +20 ተደምረው −20፣ ሲገለበጥ +20 ነው። መግቢያው −20 ሲሆን ደግሞ ዜሮና −20 ተደምረው፣ ሲገለበጥ አሁንም +20።

እጥፉን የሚፈጥረው ከአራት ባለ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ጋር የሚገባው ባለ5 ኪሎኦም ነው። እኔ ሁለት ባለ10 ጎን ለጎን ማገናኘትን እመርጣለሁ። ዋጋቸው ከተዛባ በኦሲሎስኮፕ ላይ አንዱ ጉብታ ከፍ፣ ቀጣዩ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ዋናው ገደብ ፍጥነት ነው። ሞገዱ ዜሮን ባቋረጠ ቁጥር የመጀመሪያው ኦፕ-አምፕ መውጫ 1.2 ቮልት ያህል መዝለል አለበት። በማይክሮሰከንድ 0.5 ቮልት ለሚጓዘው 741 ይህ ቢያንስ 2.4 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ ሞገዱ ሲያንስ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። በ50 ኸርዝ አይታወቅም። በ20 ኪሎኸርዝ ግን ግማሽ ዑደቱ 25 ማይክሮሰከንድ ብቻ ስለሆነ የጉብታዎቹ ግርጌ ይበላሻል፣ ንባቡም ይሳሳታል።