ተጨማሪ መረጃ፦ ራስ-ሰር እድሳት በርቶም የዶሜይን ስም ለምን ይጠፋል?

ራስ-ሰር እድሳት ለብቻው ስሙን አያድስም፤ ከተመዘገበው የባንክ ካርድ ክፍያውን ለመቁረጥ ይሞክራል እንጂ። የካርዱ ጊዜ ካለፈ ወይም ካርዱ ከተቀየረ ሙከራው ይከሽፋል። መዝጋቢው ድርጅት የማብቂያው ቀን ሊደርስ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማሳሰቢያ እንዲልክ የአይካን ደንብ ያስገድደዋል፤ ነገር ግን ማሳሰቢያው ሥራ ወደ ለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ከሄደ ማን ያነበዋል? ኢሜይሉ በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ ከሆነማ፣ ስሙ ሲቋረጥ የመልእክት ሳጥኑም አብሮ ይዘጋል።

«የእፎይታ ጊዜ አለ» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት ነው፤ በ.com ስሞች እስከ 45 ቀን ሊሰጥ ይችላል፣ ርዝመቱን የሚወስነው ግን መዝጋቢው ነው፤ አንዳንዶቹም በዚያው ጊዜ ስሙን ለጨረታ ያቀርባሉ። ከተሰረዘ በኋላ ባለው 30 ቀን ማስመለስ የሚቻለው በተጨማሪ ክፍያ ነው። ይባስ ብሎ፣ ማዕከላዊው መዝገብ በእፎይታው ወቅት የማብቂያውን ቀን በአንድ ዓመት ስለሚያራዝም፣ ያልተከፈለበት ስም የታደሰ ይመስላል። ስለዚህ ማረጋገጫው የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ስሙ ቢመለስ እንኳ ጉዳቱ ይቀራል። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በቪዲዮ የስልክ ትርጉም የሚሰጠው የአሜሪካው ሶረንሰን በጁን 2016 የዶሜይን ምዝገባው ጊዜ በማለፉ አገልግሎቱ ለቀናት ተቋረጠ፤ ደንበኞቹ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ እንኳ ማድረግ አልቻሉም። ኩባንያው በ2017 ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።